ስለ ዕቃ አጠባ ጠብና ስለ ተሰወረው ፍርሃት

በአገራችን ልማድ ጭንቀቱን ለሰው የማያወራ፥ ሕመሙን ውጦ የሚኖር ሰው «ቻይ ነው»፥ «ሆደ ሰፊ ነው» እየተባለ ይመሰገናል። አንድ ነገር ሲከብደንም «ሆድ ይፍጀው» ብለን ማለፍን ከልጅነታችን ጀምረን ተምረነዋል። ይህ ልማድ በብዙ ቦታ መልካም ነው፤ በጎረቤት መካከል ስንቱን ጠብ አስቀርቷል፤ በኀዘን ጊዜም ስንቱን ሰው ደግፎ አቁሟል። ነገር ግን አንድ ቤትና አንድ ማዕድ በሚካፈሉ ሁለት ሰዎች መካከል ሲገባ መልኩን ይለውጣልና አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሰው የሚፈራውን ነገር ከሚወደው ሰው ቢሰውር ትዕግሥት ነውን፥ ወይስ በደል? ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ይህንኑ ነው።

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይባላልና አስቀድሜ አንድ አጭር ታሪክ እተርካለሁ። ባልና ሚስቱ እኔ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኋቸው ናቸው፤ ጠባቸው ግን በብዙ ቤት የሚገኝ ነው።

ታደሰና አልማዝ በአዲስ አበባ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅም አለቻቸው። እርሱ የሒሳብ መምህር ነው፤ እርስዋ በአንድ የጨርቅ መደብር ሒሳብ ትይዛለች። ገና ሲጋቡ በተስማሙት መሠረት ወጡን እርስዋ ትሠራለች፤ ዕቃውን እርሱ ያጥባል። በሰፈራቸው የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት፥ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። በእነዚያ ሌሊቶች አንድ ሰው ነቅቶ በርሜሉንና ጀሪካኑን መሙላት፥ የተከማቸውንም ዕቃ ውሃው ሳይሄድ ማጠብ አለበት። ታደሰ ይህን ሥራ ለብዙ ዓመታት ሳያጓድል ሠርቶታል።

ከአራት ወር ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በመጀመሪያ ብርጭቆዎቹን ሳያጥብ ይተው ጀመር። ቀጥሎ ሲኒዎቹን ተወ። በመጨረሻም ድስቱና ሳሕኑ ሁሉ «ነገ አጥበዋለሁ» እየተባለ ያድር ጀመር። አልማዝ ለጥቂት ሳምንታት ምንም ሳትናገር ራስዋ አጠበች። አንድ ረቡዕ ማታ ግን ከሥራ ስትመለስ የሦስት ቀን ዕቃ ተቆልሎ፥ ሽሮውም በድስቱ ውስጥ ደርቆ አገኘችው። ውሃው ሌሊት መጥቶ ጎሕ ሳይቀድ ሄዷል።

«ትናንትም አላጠብክም?» አለችው።

«አጥበዋለሁ አልኩ እኮ።»

«መቼ? ውሃው ከሄደ በኋላ?»

«በበርሜሉ ውሃ አለ። ለአንድ ሳሕን ይህን ያህል ጩኸት ምንድን ነው?»

«አንድ ሳሕን አይደለም! ሁልጊዜ እንዲህ ነህ። እኔ ለዚህ ቤት ገረድ ሆኜ ነው የመጣሁት?»

ታደሰ ምንም አልመለሰም። ተነሥቶ ወደ በረንዳው ወጣ። እርስዋም ተከተለችው። ድምፅዋ ከፍ ባለ ቁጥር የእርሱ ፊት እየተዘጋ ሄደ፤ የእርሱም ፊት በተዘጋ ቁጥር የእርስዋ ድምፅ ከፍ እያለ ሄደ። በዚህ መካከል ልጃቸው ነቅታ አለቀሰች። አልማዝም ወደ ልጅዋ ገብታ እስክትተኛ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገብዋ ተጋደመች።

ከመኝታ ቤቱ ስትወጣ ታደሰ ጀርባውን ሰጥቶ ዕቃ ያጥባል። ውሃውን ከጀሪካኑ በሳፋ ቀድቶ፥ አንዱን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞታል። ብርጭቆው ግን ከሳፋው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ እንደ ትንሽ ደወል ይንቀጨቀጫል። አልማዝ ቆማ ሰማችው፤ ከዚያም ቀስ ብላ፦

«ታደሰ፥ እጅህ ምን ሆኗል?» አለችው።

ብርጭቆውን አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ እንዲህ አለ፦ «በሚያዝያ ያንን ትልቁን ብርጭቆ የሰበርኩት ከእጄ አዳልጦኝ አልነበረም። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው። በዚያን ጊዜ የአባቴን እጅ በእኔ ክንድ ላይ ያየሁ መሰለኝ። አባቴን እኮ እናቴ ሰባት ዓመት በማንኪያ ስታጎርሰው ኖራለች። አንቺም እንደዚያ ስታጎርሺኝ ታየኝ። ሰነፍ ብትይኝ ይሻለኛል አልኩ፥ እንዲህ ሆኜ ከምታዪኝ።»

አልማዝ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ደግሞ ልትሄድ ነው ብዬ ነበር» አለች። «አባቴ ከቤት የወጣ ዕለት አይደለም የሄደው። መጀመሪያ አጥሩን መጠገን ተወ። ከዚያ ራት ከእኛ ጋር መብላት ተወ። እናቴ አንድም ቀን ሳትጠይቀው አንድ ጧት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አንተ ብርጭቆውን ስትተው፥ ከዚያ ሲኒውን ስትተው፥ እኔ አጥሩ ነው የታየኝ። እንደ እናቴ ዝም አልልም ብዬ ነው የምጮኸው።»

ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ወደ ምርመራው እንግባ።

በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው፥ ሁለቱም በክርክሩ ውስጥ አንዳች ውሸት አለመናገራቸው ነው። ዕቃው በእውነት አልታጠበም፤ ስምምነቱም በእውነት ፈርሷል። አርስጣጣሊስ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ቁጣን ሲተነትን፥ ሰው የሚቆጣው ያለ አግባብ እንደ ተናቀ ሲመስለው ነው ይላል። አልማዝ የተቆጣችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያልታጠበውን ሳሕን እንደ ንቀት ምልክት አነበበችው። ነገር ግን አርስጣጣሊስ የሰጠን ትርጓሜ የሚነግረን የቁጣውን ደጃፍ ነው። ንቀቱ ለምን ያን ያህል እንዳቃጠላት ለማወቅ ከደጃፉ አልፎ መግባት ያስፈልጋል። ንቀቱ ያስቆጣት የአባትዋን አካሄድ ስላስታወሳት ነው፤ ከቁጣው በታች ያለው ፍርሃት ነው።

ይህን ነገር በዘመናችን በሥራ ላይ ያዋሉት ስው ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ናቸው። በካናዳ አገር የተጣሉ ባልና ሚስቶችን ለመርዳት ያዘጋጁትን ዘዴ ፈትነው የመጀመሪያውን ጥናት በ1985 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር አሳተሙ። የዘዴው መሠረት በአጭሩ እንዲህ ነው። በጠብ ጊዜ ወደ ውጭ የሚታየው ስሜት፥ ማለት ቁጣው ወይም መኮሳተሩ፥ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ነው፤ ከእርሱ በፊት የተነሣና እርሱ የሸፈነው ሌላ ስሜት አለ፤ ይኸውም ፍርሃት ወይም ኀዘን ወይም እፍረት ነው። ሽፋኑን ለሽፋን ብንመልስ ጠቡ አያልቅም። የተሸፈነው ሲገለጥ ግን የሌላው ሰው ልብ ይለሰልሳል፤ ምክንያቱም ቁጣ የሚሰማ ሰው ራሱን ለመከላከል ይዘጋጃል፥ ፍርሃት የሚሰማ ሰው ግን ለመቅረብ ይነሣል።

በሁለተኛ ደረጃ የጠቡን አካሄድ እንመልከት። አንዱ ይጠይቃል፥ ይከተላል፥ ይጮኻል፤ ሌላው ዝም ይላል፥ ይሸሻል፥ በር ይዘጋል። አንድሩ ክሪስተንሰንና ክሪስቶፈር ሄቪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1990 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት ይህንን አካሄድ መርምረውታል። ከዚያ የምንማረው አንዱ ቁም ነገር፥ መጠየቅና መሸሽ በጠባይ ወይም በጾታ ብቻ የሚወሰን አለመሆኑ ነው። እንዲለወጥ የሚፈለገው ነገር የማን ጥያቄ እንደ ሆነም ይወስነዋል፤ ለውጥ የሚፈልገው ወገን ይገፋል፥ ያለው እንዲቆይ የሚፈልገው ይሸሻል። ስለዚህ «ሴት ጨቅጫቃ ናት»፥ «ወንድ ልብ የለውም» የሚሉት አባባሎች እውነቱን አይነግሩንም።

የዚህ አካሄድ ክፋቱ እያንዳንዱ ወገን ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ነገር ለሌላው ፍርሃት ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ ነው። ታደሰ እጁን የሰወረው ሚስቱ እንዳትርቀው ነበር፤ ለአልማዝ ግን መሰወሩ ራሱ ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ምልክት ሆነ። አልማዝም የጮኸችው ባልዋ እንዳይሄድ ነበር፤ ለታደሰ ግን ጩኸቱ «ሥራ ካልሠራህ ለዚህ ቤት አትረባም» የሚል ፍርድ ሆኖ ተሰማው፤ እርሱም ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ይህንኑ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም አንድ ነገር እየፈለጉ፥ ያንኑ የሚፈልጉትን ነገር በገዛ እጃቸው ያርቁት ነበር።

በሦስተኛ ደረጃ ልጅቷ ባትነቃ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እውነቱ በዚያ ማታ ባልወጣም ነበር ብዬ አስባለሁ። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ቁጣ በጻፋቸው ሦስት መጻሕፍት ውስጥ የቁጣ ታላቁ መድኃኒት መዘግየት መሆኑን ይናገራል። በባልና ሚስት ጠብ ላይ ብዙ ዓመት የመረመረው አሜሪካዊው ጆን ጎትማን ደግሞ ተከራካሪዎቹን በመሣሪያ እየተከታተለ የልባቸውን ምት ይቆጥር ነበር። ምቱ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚነገረውን በሚገባ መስማት ይሳነዋልና፥ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተለያይቶ መቆየት ይገባል ብሎ ይመክራል። ነገር ግን በዚያ ዕረፍት ጊዜ ነገሩን እያብሰለሰሉ መልስ ማዘጋጀት ዕረፍት አይደለም። አልማዝ ልጅዋን ስታስተኛ ዐሳብዋ ከሳሕኑ ስለ ራቀ ነው ስትመለስ የብርጭቆውን ድምፅ መስማት የቻለችው። እንዲሁም የሚሸሸው ወገን ሳይናገር ቢሄድ ተከታዩ ይባባሳልና «አሁን መናገር አልቻልሁም፥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ መሄድና በተናገረውም ሰዓት መመለስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጠቡ በታች ሌላ ነገር እንዳለው በምን ይታወቃል? ሁለት ምልክቶችን እጠቅሳለሁ። አንደኛው፥ የቁጣው መጠን ከነገሩ መጠን ጋር አለመመጣጠኑ ነው። ሁለተኛው፥ ጉዳዩ ተፈትቶ ሳለ ጠቡ መመለሱ ነው፤ ዕቃው ከታጠበም በኋላ ስለ በር አዘጋግ፥ ስለ መብራት ማጥፋት ሆኖ ይመጣል። እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ራሱን ደረጃ በደረጃ ይጠይቅ። አልማዝ ብቻዋን ጠይቃ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ትወርድ ነበር፦ ዕቃው አልታጠበም፤ ይህ ምን ይነግረኛል? ስለ ቤቱ ግድ እንደሌለው። ግድ ከሌለው ምን ይመጣል? ይሄዳል። ቢሄድስ? እንደ እናቴ ልጅ ይዤ ብቻዬን እቀራለሁ። እዚህ ስትደርስ ጉሮሮዋ ይታነቃል፤ የሥሩም ምልክት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ «አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» ከማለት ይልቅ «ብቻዬን የምቀር እየመሰለኝ ፈርቻለሁ» ለማለት ትችላለች።

ነገር ግን ይህ ቁፋሮ ወሰን አለው። ሰው የራሱን ጕድጓድ ይቆፍር እንጂ የባልንጀራውን አይቆፍር። አልማዝ «አንተ አንድ ነገር ፈርተህ ነው» ብላ ብትጀምር ኖሮ አዲስ ስድብ በሆነ ነበር። እርስዋ የጠየቀችው ስለ እጁ ነው፤ ያየችውንና የሰማችውን ብቻ ነው። ደግሞም ከያንዳንዱ ሳሕን በታች ፍርሃት አይገኝም። አንዱ ሲሠራ ሌላው የሚቀመጥበት ቤት ካለ፥ የጠቡ ሥር ያው ያልተስተካከለው የሥራ ክፍፍል ነው፤ መድኃኒቱም ተነሥቶ ማጠብ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱ የሚፈራው የሌላውን ዱላ ከሆነ ይህ ምክር ፈጽሞ አይሠራም። የሚማታን ሰው ፊት ፍርሃትን መግለጥ ለጥቃት ራስን ማጋለጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ከአደጋው መውጣትና የሚረዳውን ወገን ማግኘት ይገባዋል።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ታደሰ ፍርሃቱን የሰወረው ለሚስቱ አስቦ ነው ሊባል ይችላል፤ እንዳትጨነቅ፥ ሸክም እንዳይሆንባት። ይህ ምክንያት መልካም ይመስላል፤ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን ይጎድላል። አንደኛ፥ ከጭንቀት አላዳናትም፤ ያልነበረ ጭንቀት ሰጣት እንጂ። ሰው የእውነቱ ወሬ ሲከለከል ባዶውን ስፍራ በራሱ ትዝታ ይሞላዋል፤ እርስዋም በአባትዋ ታሪክ ሞላችው። ሁለተኛ፥ እርስዋ ልትወስነው የሚገባትን ነገር እርሱ ብቻውን ወሰነው። የታመመ ባል ማስታመም ሸክም ነው ወይስ አይደለም የሚለው የአልማዝ ፍርድ ነው። እርሱ ግን ሳይጠይቃት በእርስዋ ፈንታ ሆኖ «ትንቀኛለች» ብሎ ፈረደባት። ሳይሰሙ መፍረድ በአደባባይ በደል ከሆነ በቤትም በደል ነው። ሦስተኛ፥ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»። ፍርሃቱ እውነት መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው ወደ ብርሃን ሲወጣ ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር በታሪካችን ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ልጨምር። በማግስቱ ሁለቱ አብረው ወደ ሐኪም ሄዱ እንበል። ሐኪሙ በመጀመሪያ ታደሰን እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ ሁለቱን ክንዶቹን ወደ ፊት እንዲዘረጋ፥ ከዚያም ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ውሃ እንዲገለብጥና በወረቀት ላይ ክብ እየጠመዘዘ እንዲሥል ያዘዋል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ፓርኪንሰን በሚባለው በሽታ የእጅ መንቀጥቀጥ ይበልጡን የሚታየው እጅ ሲያርፍ ነው። እጅ ሲያርፍ ጸጥ ብሎ፥ ብርጭቆ ሲያነሣ የሚነሣው መንቀጥቀጥ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ዓይነት ነው፤ እርሱም በዘር የሚወርድበት ጊዜ አለ፥ በዕድሜም ሊጨምር ይችላል፤ ከፓርኪንሰን ግን ይልቅ የተለመደ ነው፥ የሚያቃልሉት መድኃኒቶችም አሉ። የታደሰ እጅ ጭኑ ላይ ሲያርፍ ጸጥ ይላል። ሐኪሙ ይህን ነግሮት፥ የመጨረሻ ቃል ሳይሰጥ፥ ከሦስት ወር በኋላ እንዲመለስ ቀጠሮ ይሰጠዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ታሪኩ በመልካም ወሬ ስላለቀ ነው መግለጡ የበጀው ብለህ እንዳታስብ። ወሬው ክፉ ቢሆንም ፍርዱ አይለወጥም፤ እንዲያውም ክፉ በሆነ ጊዜ ከአራት ወር በፊት መታወቁ ይበልጥ ይጠቅም ነበር። መግለጥ ያመጣው ጥቅም ጤንነት አይደለም፤ ሁለቱ የየብቻቸውን ጠላት መዋጋታቸው ቀርቶ አንዱን ጠላት አብረው ማየታቸው ነው።

ሥራውም በዚያው አልቀረም፤ ፍርሃት ተገለጠ ተብሎ ሳሕን በራሱ አይታጠብም። በአዲሱ ስምምነት ታደሰ ድስቱን፥ ጭልፋውንና የማይሰበረውን ሁሉ ያጥባል፤ ብርጭቆውንና ሲኒውን አልማዝ ታጥባለች፤ በውሃ ሌሊት በየተራ ይነቃሉ። «ሆድ ይፍጀው» የሚለውንም ብሂል ከነጭራሹ እንጣለው አልልም። የጎረቤትን ስድብ፥ የባልንጀራን ምሥጢር፥ በቁጣ ሰዓት ወደ አፍ የሚመጣውን ክፉ ቃል ሆድ ይፍጀው። ፍርሃትን ግን ሆድ አይፈጀውም፤ ፍርሃት ራሱ ሆድን ይፈጃል እንጂ፥ ቀጥሎም ቤትን። ስለዚህ ሰው ፍርሃቱን ለመንገደኛ የመናገር ግዴታ ባይኖርበትም፥ አብሮት ለሚኖርና ውጤቱ ለሚደርስበት ለዚያ ለአንዱ ሰው የመናገር ዕዳ አለበት ብዬ እፈርዳለሁ።